ከለንደን ወደ ሉከርስ በሌሊት ባቡር፦ የቱ ፉርጎ፣ የቱ በር?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። እናቴ ለአራስ እህቴ ልትደርስላት፣ በመጪው ታኅሣሥ ከለንደን ዩስተን በሚነሳው የመኝታ ባቡር ብቻዋን ወደ ስኮትላንድ ትሄዳለች። የምትወርደው ሉከርስ ነው፤ ባቡሩ እዚያ የሚደርሰው ሊነጋ ብዙ ሲቀረው ነው።

ያስጨነቀኝ ባቡሩ ኤድንብራ ላይ ለሦስት መከፈሉ ነው፤ አንዱ ወደ አበርዲን፣ አንዱ ወደ ኢንቨርነስ፣ አንዱ ወደ ፎርት ዊልያም ይሄዳል። ሉከርስ በአበርዲኑ መስመር ላይ ናት። አልጋዋ በትክክለኛው ፉርጎ ከሆነ ተኝታ ብታልፍም ችግር የለውም። ግን አስራ ስድስት ፉርጎ በተቀጠለበት ባቡር ከዩስተን ፕላትፎርም ላይ የእሷን እንዴት ትለየው? የፉርጎው ፊደል በሩ አጠገብ ይጻፋል ወይስ የመድረሻው ስምም አለ?

ሁለተኛ፣ ሉከርስ ትንሽ ጣቢያ ስለሆነ ሁሉም በር ላይከፈት ይችላል ብዬ ሰጋሁ። አስተናጋጁ ቀስቅሶ በየት በኩል እንደምትወርድ ያሳያታል? ከዚያ የሚቀጥለው ዳንዲ ነው፤ ትልቁን የቴይ ድልድይ ከተሻገረች አለፋት ማለት ነው። እንግሊዝኛ ብዙም አትችልም፣ ለአስተናጋጁ የምታሳየው ወረቀት ልጽፍላት ነው። ምን ምን ልጻፍበት?