ከመምህርነት ወደ ድርጅት ሥልጠና፦ ደብዳቤዬ አልቋጭ አለኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብረ ብርሃን የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። የፋብሪካ ሠራተኞች አሠልጣኝ ለመሆን ለአንዲት የቅጥር ባለሙያ ራሴን የማስተዋውቅበት ደብዳቤ ጀምሬያለሁ። «ትዕግሥተኛ ነኝ» የሚለውን ሰረዝኩት፤ እንዲህ የማይል አመልካች የት አለ? በምትኩ ይህን ጻፍኩ፦

«በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ባልደረቦቼን በቤተ ሙከራ ደኅንነት አሠልጥኛለሁ። አስቀድሜ ሲሠሩ ተመለከትኩ፤ አሲዱን ወደ ውሃ በመጨመር ፈንታ ውሃውን አሲድ ላይ የሚያፈሱ ነበሩ። እያንዳንዳቸውን በተግባር አለማመድኩ፤ ቆይቼም በመመልከቻ ቅጽ መለወጣቸውን አረጋገጥኩ።»

ፋብሪካ ግን ውጤትን የሚለካው በአደጋና በብልሽት መቀነስ ነው፤ እኔ ያለኝ ቅጹ ብቻ ነው። ሳላጋንን እንዴት ላቅርበው? የፋብሪካ ሠራተኛ አሠልጥኜ አለማወቄንስ እዚሁ ልጻፈው ወይስ ለቃለ መጠይቁ ልተወው? በሰው ሀብት ሥራ ላይ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።