ዋጋው ሬዚስታንስን ሰብሮ ሲመለስ ሐሰተኛውን ብሬክአውት ከእውነተኛው በምን እንለያለን?

ጠያቂ፦ በዩሮ ዶላር 15 ደቂቃ ቻርት ላይ ዋጋው 1.0850 ደርሶ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ነበር። የለንደን ገበያ እንደተከፈተ በአንድ ካንድል ወደ 1.0861 ሲወረወር በ1.0855 ገዛሁ፤ ስቶፕ ሎሴን 1.0840 ላይ አስቀመጥሁ። ወዲያው ተመልሶ እስከ 1.0838 ወረደና ስቶፔን ወሰደው፤ ከሰዓት በኋላ ግን እኔ ሳልኖር ወደ 1.0890 ወጣ። የመጀመሪያው ሐሰተኛ፣ ሁለተኛው እውነተኛ መሆኑን በሰዓቱ በምን ማወቅ እችል ነበር?

ጎህ፦ ቮልዩሙን ቢመለከቱ ኖሮ ይለዩት ነበር። ሌቭሉ ሲሰበር ቮልዩሙ ከፍ ካለ ብሬክአውቱ እውነተኛ ነው፤ ዝቅ ካለ ወጥመድ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምጠቀመው ይህንን ነው።

ደጋማው፦ ወንድም ጎህ የጠቀሱት ነገር ለሁለተኛው ብሬክአውት ይረዳል፤ ለመጀመሪያው ግን ያሳስታል። ከ1.0850 በላይ ሁለት ዓይነት የግዢ ትዕዛዝ ተከማችቶ ነበር፤ አንደኛው ቀድመው የሸጡ ሰዎች ስቶፕ ሎስ ሲሆን ሁለተኛው እንደ ጠያቂያችን ሰበራውን ጠብቀው የሚገዙ ሰዎች ትዕዛዝ ነው። ዋጋው እዚያ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚቀሰቀሱ፣ ሰበራው ሐሰተኛም ይሁን እውነተኛ ቮልዩሙ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ በዩሮ ዶላር የብሮከር ቻርት ላይ የምናየው ቮልዩም ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ የሚቆጥር እንጂ የተገዛውን መጠን የሚያሳይ አይደለም።

ስለዚህ ፍርዱ ያለው በሰበራው ካንድል ሳይሆን እነዚያ ትዕዛዞች ካለቁ በኋላ በሚሆነው ነው። ብዙ መሸጥ የሚፈልግ ትልቅ ሻጭ የሚያገኘው ገዢ እነዚሁ ስቶፖች ናቸው፤ እነሱ ሲያልቁ ሌላ ገዢ ካልመጣ ዋጋው ከሌቭሉ በላይ መቆየት አይችልም። ጠዋት የሆነው ይህ ይመስለኛል። እባክዎ ያ ካንድል የት እንደተዘጋ፣ ከሰዓት በኋላ ሲሰብርም የሚቀጥለው ካንድል እስከ የት እንደወረደ ተመልክተው ይንገሩን።

ጠያቂ፦ አሁን ተመለከትሁት። የጠዋቱ ካንድል የተዘጋው 1.0846 ላይ ሲሆን ከ1.0850 በላይ የቀረው ዊኩ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ያለው ግን 1.0858 ላይ ተዘግቶ፣ የሚቀጥለው እስከ 1.0851 ወርዶ 1.0860 ላይ ተዘግቷል።

ደጋማው፦ ልዩነቱ እዚያ ነው። ጠዋት የገዙት ካንድሉ ገና ሳይዘጋ ነው። ከሰዓት በኋላ አካሉ ከሌቭሉ በላይ ተዘጋ፤ ከዚያም ዋጋው ወደ 1.0850 ሲመለስ ሻጮች ወደ ውስጥ ሊከቱት አልቻሉም። እኔ ብሆን በ1.0860 ገብቼ ስቶፔን ከጠዋቱ ዝቅተኛ ዋጋ በታች፣ 1.0835 ላይ አደርግ ነበር። ይህ ከእርስዎ 15 ፒፕ ይልቅ 25 ፒፕ ነውና የሎቱ መጠን መቀነስ አለበት፤ 50 ዶላር ለማጣት የተዘጋጀ ሰው 0.33 ሎት ሳይሆን 0.20 ሎት ይይዛል ማለት ነው።

የአዋሽ ልጅ፦ የእኔ ደግሞ የባሰ ነው። ሸጬ አድሬ ሌሊት ስቶፔ ተነካ፤ ቻርቱ ላይ ግን ዋጋው እዚያ አልደረሰም። ብሮከሬ ሆን ብሎ አደነኝ ማለት አይደለም?

ደጋማው፦ ይህ ከብሬክአውት የተለየ ጉዳይ ነው። ቻርቱ በአብዛኛው የሚያሳየው የመሸጫውን ዋጋ ሲሆን፣ የሸጡትን ለመዝጋት ግን መግዛት ስላለብዎት ስቶፕዎ የሚነካው በመግዣው ዋጋ ነው። በኒውዮርክ ሰዓት 5 PM አካባቢ የገበያው ቀን ሲቀየር ስፕሬዱ በጣም ስለሚሰፋ፣ ቻርቱ ሳይንቀሳቀስ ስቶፕ ሊነካ ይችላል። የተዘጋበትን ደቂቃ ከዚህ ሰዓት ጋር ያነጻጽሩ። ካልተገጣጠመ በዚያች ደቂቃ የነበረውን የመግዣ ዋጋ ብሮከሩን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ያንን ሳላይ ሆን ተብሎ ነው ወይም አይደለም ማለት አልችልም።

ብራና፦ በአንድ ነገር ከደጋማው ጋር አልስማማም። ጠንካራ ሰበራ ብዙ ጊዜ ወደ ሌቭሉ ሳይመለስ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ ሪቴስት የሚጠብቅ ሰው ትልልቆቹን እንቅስቃሴዎች ያጣል። እኔ ካንድሉ ከሌቭሉ በላይ ሲዘጋ ግማሹን እገዛለሁ፤ ተመልሶ ሌቭሉ ከያዘ ሌላውን ግማሽ እጨምራለሁ።

ደጋማው፦ ሳይመለሱ የሚሄዱ መኖራቸው እውነት ነው፤ እኔ እነሱን እተዋቸዋለሁ። ነገር ግን ካንድሉ በላይ ተዘግቶ የሚቀጥለው ካንድል መልሶ ሌቭሉ ውስጥ ሲከተው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በተለይ የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ዜና ሲወጣ የመጀመሪያው 15 ደቂቃ አዘጋግ ብዙም አያስተማምንም። እንደዚያ ሲሆን በያዙት ግማሽ ምን ያደርጋሉ?

ብራና፦ የሚቀጥለው ካንድል ከሌቭሉ በታች ከተዘጋ ስቶፑ እስኪነካ ሳልጠብቅ እወጣለሁ። በዜና ሰዓት ግን እኔም አልገባም።