«አኪዩት» አጣዳፊ ነው? በራጅ ውጤት ላይ ያለች አንዲት ቃል

ሐረግ
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ሳል ከያዘው ሁለት ሳምንት አልፎታል። ደረቱን ራጅ ተነሣና ውጤቱን «ወደ አማርኛ መልሺልኝ» ብሎ ሰጠኝ። የማጠቃለያው መስመር «ኖ አኪዩት ካርዲዮፑልሞናሪ አብኖርማሊቲ» ይላል። እኔም ብዙ ሳላስብ «በልብና በሳንባ ላይ አጣዳፊ ችግር አልታየም» ብዬ ጻፍኩለት። አነበበው፤ መነጽሩን አወለቀና «ታዲያ የማያጣድፈው የቱ ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ዐረፍተ ነገሩ እውነት እንደዚያ ይላል ወይስ ያበላሸሁት እኔ ነኝ?

ፊደል ቆጣሪ
አጎትሽ ሰዋስው ያውቃሉ። «ቀይ በግ አልገባም» ካልሽ ሰሚው «ነጩ ገብቷል ማለት ነው» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ቅጽሉን ባታስገቢው ኖሮ ጥርጣሬው አይመጣም ነበር። «አኪዩት» ከላቲን የመጣ ነው፤ ሹል፣ የተሳለ ማለት ሲሆን መርፌ ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል። ስለዚህ ብርቱ፣ ከባድ ለማለት ነው። ውጤቱም «ከባድ ችግር የለም፤ ቀላል ግን ሊኖር ይችላል» እያለ ነው። ትርጉምሽ ትክክል ነው፤ የአጎትሽም ፍርሃት ትክክል ነው።

ራጅ አንባቢ
ጋሼ፣ የቃሉ ዘር ላይ ልክ ነዎት፤ ትርጉሙ ላይ ግን አልስማማም። ሥራዬ እነዚህን ፊልሞች ማንበብ ነው፤ ይህችን መስመር በቀን ስንት ጊዜ እንደምጽፋት አልቆጥረውም። በሕክምና «አኪዩት» የሚለካው ጊዜን እንጂ ክብደትን አይደለም። በቅርቡ የጀመረ፣ ቶሎ የመጣ ማለት ነው። ተራ ጉንፋን አኪዩት ነው፤ ማንንም አያስደነግጥም። ዓመታት ያስቆጠረ የልብ ድካም ደግሞ ሰውን አልጋ ላይ ቢያውልም አኪዩት አይባልም። ተቃራኒው «ክሮኒክ» ነው፤ እሱም ከግሪኩ ዘመን ከሚለው ቃል ነው የተወለደው፤ እኛ ሥር የሰደደ የምንለው።

ሐረግ፣ ከማጠቃለያው በላይ ያለውን ክፍል ብታመጪው ጥሩ ነበር። ለአጎትሽ ጥያቄ መልሱ እዚያ ነው ያለው።

ቀለም ቀንድ
ሁለት ሳምንት ለሳለ ሰው ራጅ ማንሣት ምን ይባላል? ጨረሩስ አይጎዳም እንዴ? «ራጅ» ራሱ የጣልያንኛው «ራጂ» ነው፤ ጨረሮች ማለት። ስሙ እያስጠነቀቀ እኮ ነው።

ፊደል ቆጣሪ
የስሙ ነገር እውነት ነው፤ ጥያቄው ግን ስለ ጨረር አይደለም ወንድሜ።

ሐረግ
ይኸው፣ እንደገባኝ መልሼዋለሁ። «የልብ ጥላ መጠኑ በልኩ ነው። በቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል 5 ሚሊሜትር የምታህል፣ ካልሲየም የያዘች ነጥብ አለች፤ ከ3 ዓመት በፊት ከተነሣው ፊልም ጋር ስትነጻጸር አልተለወጠችም። ሳንባን የሸፈነ ነገር፣ የተጠራቀመ ውሃ ወይም ያፈተለከ አየር አይታይም። የጀርባ አጥንት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ለውጥ አለው።» ከዚያ ያቺ መስመር ትመጣለች።

ራጅ አንባቢ
አየሽ፣ የማያጣድፈው ተጽፏል። አልተደበቀም፤ ከላይ ነው ያለው። ነጥቧ አንድ ጊዜ ሳንባ የታገለው ነገር ጠባሳ ናት። ብዙውን ጊዜ የድሮ ኢንፌክሽን ነው፤ ሰውነት አጥሮ ካልሲየም ለስኖ ዘግቶታል። ሰውየው መታመሙን እንኳ ሳያውቅ አልፎት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ መሆኗን በሁለት ነገር ነው የምናውቀው። አንደኛ፣ ካልሲየም ስላለባት እንደ አጥንት ነጭ ሆና ትወጣለች። ሁለተኛ፣ የ3 ዓመቱ ፊልም አለ። ጠጣር ነጥብ 2 ዓመት ሙሉ ካላደገ ክፉ ነገር የመሆን ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። የድሮው ፊልም ባይኖርና ነጥቧ ካልሲየም ባይኖራት ኖሮ ማጠቃለያው በዚያች መስመር አያልቅም ነበር፤ «በሲቲ ስካን ይታይ» የሚል ይከተለው ነበር። የድሮ ፊልማችሁን አትጣሉ የምለው ለዚህ ነው።

እና «አኪዩት»ን ለምን እንጨምራለን? ላኪው ሐኪም የጠየቀው የዛሬውን ሳል ነው። ለዛሬው ሳል መልሱ «ምንም አዲስ ነገር አላየሁም» ነው። ግን «ምንም የለም» ብዬ እንዳልጽፍ ጠባሳውና የጀርባ አጥንቱ ይመሰክሩብኛል። በርግጥ አንዳንዶቻችን ምንም አሮጌ ነገር በሌለበት ፊልም ላይም በልማድ እንጽፋታለን። ስለዚህ ቃሏን ብቻ ይዞ «አሮጌ ነገር አለ» ማለት አይቻልም።

ፊደል ቆጣሪ
ክብደት ያልኩትን አነሣሁ። ግን ያ ልማድ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ቀይ በግ ብሎ ነገር ከሌለ ቀይ ማለት ምን አመጣው?

የአባቷ ልጅ
ይቅርታ፣ ከቋንቋው ልወጣ ነው። አባቴ ደረቱን ወግቶት ትንፋሽ አጥሮት ወሰድነው። ራጁ ይህንኑ መስመር ነው ያለው፤ ቃል በቃል። እኛ እፎይ ብለን ልንወጣ ስንል ሐኪሙ «የትም አትሄዱም» አለን። ደም ወሰዱ፣ ሲቲ ስካን አነሡት፤ ሳንባው የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ከዚህ የበለጠ ድንገተኛ ምን አለ? ታዲያ ያ ወረቀት ዋሽቷል ማለት አይደለም?

ራጅ አንባቢ
እግዚአብሔር ይመስገን ሐኪሙ አልለቀቃችሁም። ወረቀቱ ግን አልዋሸም። ራጅ የሚያሳየን የጥላ ልዩነት ነው። አየር ጥቁር ይወጣል፤ ውሃ፣ ደምና ሥጋ ደግሞ ሁሉም በአንድ ዓይነት ነጣ ያለ ግራጫ ይወጣሉ። ሳንባ ምች የሚታየው አየር በነበረበት ቦታ ፈሳሽ ስለሚገባ ነው፤ ጥቁሩ ይነጣል። የረጋ ደም ግን ድሮም ደም በነበረበት ሥር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የሚፈሰውም የቆመውም ደም ጥላቸው አንድ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ብዙ ጊዜ ንጹሕ መስሎ ይወጣል፤ ሐኪሙን ያስጠረጠረውም ምናልባት ያው ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ፊልሙ ንጹሕ ሲሆን ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ነው።

ልብም እንደዚሁ ናት። እኔ የማየው የልብን ጥላ ዳርቻ ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ከጀርባ በኩል በተነሣ ፊልም የልቡ ስፋት ከደረቱ ስፋት እኩሌታ ካላለፈ «በልኩ ነው» እላለሁ። ተኝቶ ከፊት በኩል ከተነሣ ደግሞ ጥላው ተለጥጦ ልቡ ያለ ልኩ ትልቅ ሊመስል ይችላል። ልብን የሚመግቡት ሥሮች ጠበቡ ወይስ ተዘጉ፣ ምቱ ተዛባ ወይስ ተስተካከለ የሚለውን ፊልሙ አይነግረኝም፤ ያ የኢሲጂና የደም ምርመራ ጉዳይ ነው። «ልብ ላይ ችግር የለም» ተብሎ ሲተረጎም የምናደደው ለዚህ ነው።

ፊደል ቆጣሪ
እንግዲያው እዚህ ጋ ዋናው ቃል ቅጽሉ ሳይሆን ግሡ ነው። «የለም» እና «አልታየም» አንድ አይደሉም። የለም የሚል ሰው ቤቱን በሙሉ ፈትሿል፤ አልታየም የሚል በመስኮት ነው ያየው። ሐረግ «አልታየም» ማለትሽ ጥሩ ነው፤ እሱን አትንኪው።

ሐረግ
አመሰግናለሁ ጋሼ። «አጣዳፊ»ንስ ምን ላድርገው? መቼም «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ሲባል አገር የለመደው ቃል ነው።

ፊደል ቆጣሪ
እዚያ ላይ ይሠራል፤ በሽታው ራሱ ያጣድፋላ! ጣደፈ፣ ጥድፊያ፣ አጣደፈ፤ ሰዓት ሳይሰጥ ይጥላል። በአሉታ ሲመጣ ግን ጆሮ የሚሰማው «ቸኩላችሁ አትምጡ» የሚል ነው። «ድንገተኛ»ም አይሆንም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወስደናል። እኔ «ትኩስ» ብል ደስ ይለኛል። ትኩስ ቁስል እንላለን፤ ከጠባሳ የሚለየውም ያ ነው። ዶክተሩ ስለ ጠባሳ ሲያወራ ነው የመጣልኝ።

የአባቷ ልጅ
«በልብና በሳንባ ላይ ትኩስ ነገር አልታየም»? እናቴ ብታነበው ትኩሳቱ ለቀቀው ብላ ነው የምትረዳው።

ራጅ አንባቢ
ቃሉን ወድጄዋለሁ፤ እህታችን ግን ልክ ናት። ለሕመምተኛ ስናገር እኔ «አዲስ የመጣ» እላለሁ። እሱም ጉድለት አለው፤ የቆየ በሽታ ዛሬ ሲባባስ እሱንም አኪዩት ነው የምንለው፤ «አዲስ» ግን አይሸፍነውም።

ሐረግ
ለአጎቴ በመጨረሻ ይህን ጻፍኩለት፦ «በዚህ ፊልም ላይ፣ በልብ ጥላና በሳንባ፣ አዲስ የመጣ ወይም የተባባሰ የሕመም ምልክት አልታየም። በቀኝ በኩል ያለችው ነጥብ የቆየች ጠባሳ ናት፤ ከ3 ዓመት ወዲህ አላደገችም።» ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይኼ ገባኝ» አለ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ «ሳሉስ?» አለኝ።

ራጅ አንባቢ
ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፊልሙ አልመለሰለትም። ከጉንፋን በኋላ የሚቆይ ሳል፣ አስም፣ ከጨጓራ ወደ ጉሮሮ የሚመለስ አሲድ፣ እነዚህ ሁሉ ፊልሙን ንጹሕ ትተውት ሊያስሉ ይችላሉ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታ መመርመርም ስላለ ወደ ላከው ሐኪም ይመለስ፤ ወረቀቱን ይዞ ቤት አይቀመጥ። ክብደት እየቀነሰ፣ ሌሊት እያላበው ወይም ደም የቀላቀለ አክታ እየተፋ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮም አይጠብቅ።

ፊደል ቆጣሪ
«የተባባሰ» ማከልሽ መልካም ነው፤ ግን አንዲት ቃል ሦስት ሆነች። ለመዝገበ ቃላት አትሆንም። እኔ አሁንም ከ«ትኩስ» አልወርድም።

ቀለም ቀንድ
ቆይ፣ «አብኖርማሊቲ»ን ማን ተረጎመው? አንዱ ችግር ይላል፣ አንዱ ነገር፣ አንዱ የሕመም ምልክት። ጠባሳዋ ችግር ካልሆነች፣ ግን ደግሞ «ኖርማል» ካልሆነች፣ በአማርኛ ምን ልንላት ነው?