ጥንድ ፊዚክስ ረቡዕ ላይ አልገባ አለኝ

የ9ኛ ክፍልን ፕሮግራም ከጽሑፍ ወደ ሠንጠረዥ እየቀየርኩ ነው፤ 5 ቀን ወደ ታች፣ 6 ክፍለ ጊዜ ወደ ጎን፣ ዕረፍት ከ3ኛው በኋላ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ፊዚክስ ሰኞና ረቡዕ ከዕረፍት በኋላ ሁለት ተከታታይ፤ እንግሊዝኛ በየቀኑ 4ኛ፤ ስፖርት ረቡዕ መጨረሻ።»

ቦታቸው የማይነቃነቀውን እንግሊዝኛንና ስፖርትን አስቀደምኩ። ሰኞ 5ኛና 6ኛ ክፍት ስለሆኑ ፊዚክስ ገባ፤ ረቡዕ ግን የተረፈው 5ኛው ብቻ ነው። የረቡዕን እንግሊዝኛ ወደ 3ኛ ባመጣው ጥንዱ 4ኛና 5ኛ ላይ ይቀመጣል። ታዲያ መምህሩ በዚያ ሰዓት ሌላ ሴክሽን ቢኖረውስ? ጽሑፉ ዝም ይላል። ጥንዱን መክፈል ይሻላል?

ደግሞ የሰኞን ሁለት ሳጥኖች በኤክሴል ሳዋህዳቸው ይህ ቀመር 2 ማለት ሲገባው 1 ይላል፦

```
=COUNTIF(B2:G6,"ፊዚክስ")
```

የተዋሃደ ሳጥን ጽሑፉን የሚይዘው በመጀመሪያው ብቻ ስለሆነ ነው። ሳላዋህድ ጥንድነቱን በምን ላሳይ?