የ14 ቀን ትንበያው ከኬዝ ዕድገቱ በእጥፍ በልጦ ሄደብኝ (ዛሬ ማታ አስረክባለሁ)

ሰንጠረዥ_ያዥ
እባካችሁ ቶሎ። የመተንፈሻ አካል ወረርሽኝ ነው፣ ዕለታዊ ኬዝ በየ7 ቀኑ ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ይህ አካሄድ ለሳምንታት አልተለወጠም። ዛሬ 120 ላይ ነን። EpiEstim የመተላለፍ ቁጥሩን R 1.75 አድርጎ ሰጠኝ። እሱን ይዤ የ14 ቀን ትንበያ ሳሠራ 980 ይለኛል። ሁለት ጊዜ እጥፍ ቢሆን እኮ 480 ነው! ሲሪያል ኢንተርቫሉን ያወጣሁት ከራሳችን የንክኪ ልየታ ነው፣ 48 ጥንድ። ኮዱ ስህተት አያወጣም። የት ነው የጠፋብኝ?

ፈጣን_መላሽ
የሪፖርት መዘግየት ነው። የመጨረሻዎቹን 3 ቀናት ቆርጠህ ጣልና እንደገና አስኪደው።

ሰንጠረዥ_ያዥ
ቆርጫለሁ። ያው ነው።

ኩርባ
መዘግየት ቢሆን የመጨረሻዎቹ ቀናት ስለሚያንሱ R ወደ ታች ነበር የሚወርደው፣ ያንተ ግን ወደ ላይ ነው የሄደው። ሁለት ነገር ንገረኝ። R ስታወጣ የተጠቀምክበት አማካይና ስታንዳርድ ዲቪየሽን ስንት ነው? ትንበያው ውስጥ ያስገባኸውስ ያው ራሱ ነው? ደግሞ ከ48ቱ ጥንዶች ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች የወጡ አሉ?

ሰንጠረዥ_ያዥ
10 ጥንዶች ዜሮ ወይም ኔጌቲቭ ነበሩ። ፓኬጁ ስለማይቀበላቸው አወጣኋቸው። የቀሩት 38 አማካይ 6፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽን 3። ትንበያው ከበፊት የነበረ ስክሪፕት ነው፣ ከታተመ ጥናት የተወሰደ ጀነሬሽን ታይም አለበት፣ አማካይ 4፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽን 2። ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው የሚፈጀው ጊዜ ስለሆነ ለውጥ ያመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ጥብቅ_መዝገብ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ መዝገብህን አጽዳ። ሲሪያል ኢንተርቫል ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልም። የተያዘው ሰው ካስያዘው ቀድሞ እንዴት ይታመማል? አቅጣጫው ተገልብጦ ነው የተመዘገበው። 10ሩን ገልብጣቸውና ጨምራቸው። መረጃ የሚበላሸው ሁልጊዜ ቅጹ ላይ ነው፣ ሶፍትዌር ላይ አይደለም። ቅጽ የሚሞላው ሰው ካልሠለጠነ የፈለገ ሞዴል ብታመጣ ዋጋ የለውም።

ኩርባ
ይቻላል እንጂ። «ሀ» በቀን 0 ተያዘ እንበል፣ ምልክት ያሳየው በቀን 7 ነው። ከዚያ በፊት በቀን 4 ለ«ለ» አስተላለፈ። የ«ለ» ኢንኩቤሽን አጭር ሆነና በ2 ቀን ውስጥ፣ ማለትም በቀን 6 ታመመ። ከመያዝ እስከ ማስያዝ ያለው ጀነሬሽን ታይም 4 ቀን ነው፣ ከምልክት ወደ ምልክት ያለው ሲሪያል ኢንተርቫል ግን ኔጌቲቭ 1። ምልክት ሳይታይ የሚተላለፍ በሽታ እንዲህ ያሉ ጥንዶች ሊኖሩት ይችላሉ። ኮቪድ ላይ በ2020 ከቻይና የተሰበሰቡ 468 ጥንዶች ውስጥ 12.6 በመቶው ኔጌቲቭ ነበሩ።

ጥብቅ_መዝገብ አንድ ነገር ላይ እውነት አለው። ማን ማንን እንዳስያዘ የተወሰነው በምልክት ቀን ብቻ ከሆነ አቅጣጫው ግምት ነው። የተጋለጡበት ቀን ካለህ 10ሩን በእሱ አረጋግጥ። ኔጌቲቭ ስለሆኑ ብቻ መገልበጥ ግን መጣልን ያህል ያዛባል፣ ሁለቱም አማካዩን ወደ ላይ ይገፉታል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ዕድገትህ በቀን 0.1 ገደማ ነው። ጋማ ስርጭት ከያዝክ R በእጅ ይወጣል፣ `m` አማካይ፣ `s` ስታንዳርድ ዲቪየሽን፣ `r` የቀን ዕድገት፦

```
R = (1 + r*s^2/m)^(m^2/s^2)
```

በ6 እና 3 ስትሠራው 1.15 አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1.75 ይሆናል። ያንተ ቁጥር ማለት ነው። በ4 እና 2 ከሆነ 1.1 አራት ጊዜ፣ 1.46። አንተ 1.75ን በ6 ቀን አውጥተህ በ4 ቀን አስኬድከው። ወደ ኋላ ስታሰላው ዕድገቱ በቀን 0.15 ይመጣል፣ 120ም በ14 ቀን 980 ይገባል። ስክሪፕቱ ያዘዝከውን ነው የሠራው።

መፍትሔው R የወጣበትን ስርጭት ራሱን ለትንበያው መስጠት ነው፦

```r
cfg <- make_config(list(mean_si = 4, std_si = 2))
res <- estimate_R(kes, method = "parametric_si", config = cfg)
w   <- res$si_distr[-1]
```

የመጀመሪያው ቦታ ቀን 0 ስለሆነ ነው የተቆረጠው። `w`ን ትንበያው ውስጥ አስገባ።

ሳቂታ
በአንዱ ሚዛን ገዝቶ በሌላው ሸጦ «ትርፉ ከየት መጣ?» ማለት ነው።

ንክኪ_ለቃሚ
እኛ ጋ ደግሞ ንክኪ ያላቸውን ስንት ቀን እንከታተል የሚለው አከራክሯል። አማካዩ 4 ከሆነ 4 ቀን ይበቃል ማለት ነው?

ኩርባ
አይደለም፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ክትትል የሚወሰነው በኢንኩቤሽን ስርጭት ጭራ ነው፣ ዘግይተው የሚታመሙት እንዳያመልጡ። የኢቦላ ኢንኩቤሽን አማካይ 11 ቀን ገደማ ሆኖ ክትትሉ 21 ቀን የሆነው ለዚህ ነው።

ሁሉንም_ጨምር
ለምን የሌላ ጥናት ይወስዳል? 48ቱንም ሳይጥል ያስላ። ሲሪያል ኢንተርቫልና ጀነሬሽን ታይም አማካያቸው እኩል ነው።

ሰንጠረዥ_ያዥ
አሁን አሰላሁት። በ48ቱ አማካይ 4፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽን ግን 5 ገደማ። እሱን ላስገባ?

ኩርባ
አማካዩ መግጠሙ ጥሩ ምልክት ነው። 5ን ግን አታስገባ። ሲሪያል ኢንተርቫል ውስጥ የሁለቱም ሰዎች ኢንኩቤሽን መለያየት ስለሚደመር ከጀነሬሽን ታይም ሰፍቶ ይታያል። በ4 እና 5 ብትሠራ R 1.36 ይሆናል፣ ኬዝ በሚጨምርበት ወቅት ስፋት R ን ወደ ታች ይጎትታል። አማካዮቹ እኩል ናቸው የሚባለውም ወረርሽኙ ሲረጋጋ እንጂ በዕድገት ላይ የተሰበሰቡ ጥንዶች ላይ ሁልጊዜ አይሠራም።

ቀላል_መንገድ
ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ለ14 ቀን ከሆነ R አያስፈልግም። የኬዙን ሎግ ወስደህ ቀጥታ መስመር አስቀጥል፣ 480 ገደማ ይሰጥሃል፣ ጨርሰህ ተኛ።

ኩርባ
ምንም ነገር ካልተለወጠ ልክ ነህ። በሁለቱም ቦታ 6ን ቢጠቀም እንኳ 480 አካባቢ ነበር የሚመጣው፣ ስህተቱ ራሱን ያጣፋል። የሚጎዳው አለቃው «መተላለፉን በ30 በመቶ ብንቀንስስ?» ሲለው ነው። 1.46 በ30 በመቶ ሲቀንስ 1.02 ነው፣ ኩርባው ሊተኛ ምንም አልቀረውም። 1.75 ሲቀንስ 1.22፣ ገና ይወጣል። ለማቆም በመጀመሪያው 32 በመቶ ግድም መቀነስ ይበቃል፣ በሁለተኛው 43። ከአንድ ዓይነት የኬዝ ሰንጠረዥ ሁለት የተለያየ ውሳኔ ማለት ነው።

ሰንጠረዥ_ያዥ
አስኬድኩት፣ 490 አካባቢ ሰጠኝ። ያ የ30 በመቶ ጥያቄ እኮ ሰነዱ ላይ አለ። ስለዚህ 4 እና 2 ይዤ ልሂድ?

ዘግይቶ_ደራሽ
ከመላክህ በፊት፣ 48ቱ ጥንዶች መቼ የተሰበሰቡ ናቸው? ሰው ምልክት እንዳሳየ ለይታችሁ ማቆየት ከጀመራችሁ ዘግይቶ የሚተላለፈው ይቆረጣል፣ ጊዜው ያጥራል። ቻይና ውስጥ በ2020 መጀመሪያ የኮቪድ ሲሪያል ኢንተርቫል በ5 ሳምንት ውስጥ ከ7.8 ቀን ወደ 2.6 ወርዷል። በዚያ ላይ በቅርቡ ከታመሙት ሰዎች ያገኘኸው ቶሎ ያስያዙትን ብቻ ነው፣ ረጅሞቹ ጥንዶች ገና አልደረሱም። ሁለቱም 4ን ሊያሳንሱት ይችላሉ።

ፈጣን_መላሽ
የመጨረሻዎቹን 3 ቀናት ቁረጥ ብያለሁ።

ኩርባ
የዘግይቶ_ደራሽ ነጥብ ከባድ ነው፣ ዛሬ ማታ የሚፈታ አይመስለኝም። ለአሁኑ በ3፣ በ4 እና በ5 ቀን ሦስት ጊዜ አስኪድ፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑን የአማካዩ ግማሽ አድርገው። የ14 ቀኑ ቁጥር ብዙም አይነቃነቅም። የ30 በመቶው መልስ ግን በ3 ከ1 በታች ይወርዳል፣ በ5 ከ1 በላይ ይቀራል። ሦስቱንም አንድ ሰንጠረዥ ላይ አስቀምጣቸው። ጥንዶቹ ማቆየት ከመጀመሩ በፊት ናቸው ወይስ በኋላ የሚለውን ስታውቅ እዚሁ ጻፍልን።