አንድ ሲቪ ለሦስት አገር፦ ፎቶ፣ ዕድሜና "ፈት" የሚለው ቃል

የቆጪዋ (ጅማ)፦ አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንደምን ናችሁ። ነርስ ነኝ፤ እዚሁ ጅማ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን ሦስት ቦታ ላመለክት ነው፤ ጀርመን አንድ ሆስፒታል፣ ካናዳ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ዱባይ አንድ ክሊኒክ። ሲቪዬ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ነው፤ ከላይ ጉርድ ፎቶ፣ ከሥሩ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የትውልድ ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታ። ቶሮንቶ ያለው ወንድሜ "ሁሉንም አጥፊው" ይላል። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ "ካጠፋሽው ማንም አያየውም" ትላለች። ሁለቱ ተኮራርፈው እኔ መሐል ቀረሁ። ፎቶው ላይ ሂጃብ አድርጌያለሁ። የጋብቻ ሁኔታ ላይ እስካሁን "ያላገባች" እያልኩ ነበር የምጽፈው፤ እውነቱን ለመናገር ፈት ነኝ። ምን ይሻለኛል?

እናት ሆድ (ዱባይ)፦ የኔ እህት፣ ፎቶሽን እንዳታነሺው። እዚህ 12 ዓመት ኖሬአለሁ። ዜግነት፣ የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ቪዛሽ ምን ዓይነት እንደሆነ ሁሉም የሚጻፍ ነገር ነው። ለክፋት አይደለም። ቪዛሽን የሚያወጣው ቀጣሪው ነው፣ ብዙ ጊዜ ማደሪያም የሚሰጠው እሱ ነው፤ ብቻሽን ነሽ ወይስ ቤተሰብ ይዘሽ ትመጫለሽ የሚለው ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ሂጃቡም እዚህ ማንንም አይገርምም። ጀርመንም ያው ነው፣ ፎቶ ግዴታ ነው፤ የጓደኛዬ ልጅ በፎቶ ነው የተቀጠረችው።

የጅረን ልጅ (ፍራንክፈርት)፦ ስለ ዱባዩ እሷ ታውቃለች። የጀርመኑን ግን ላርመው። ፎቶ እዚህ ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም። በ2006 የወጣው የእኩል አያያዝ ሕግ፣ እነሱ AGG የሚሉት፣ በዕድሜ፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ለይቶ አለመቅጠርን ይከለክላል። ስለዚህ ደህና ቀጣሪ ማስታወቂያው ላይ "ፎቶ ላኩ" አይልም፤ ነገ የተጣለ አመልካች ቢከሰው ያ ዓረፍተ ነገር ማስረጃ ይሆንበታል። አመልካቹ ራሱ ቢያስገባ ግን የሚከለክለው የለም፣ ብዙ ጀርመናውያንም ዛሬ ድረስ ያስገባሉ። የትውልድ ቀንና ቦታ አብዛኛው ሰው ይጽፋል፤ ብትጽፊው ማንም አይደነቅም። የጋብቻ ሁኔታን ተዪው። ለግብር የሚፈለገው ከተቀጠርሽ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሂጃቡ ልምጣ። የሊንዝ ዩኒቨርሲቲዋ ኢኮኖሚስት ዶሪስ ቫይክስልባውመር በ2016 ያወጣችው ጥናት አለ። የአንዲት ሴት ፎቶ ያለባቸው፣ የትምህርትና የሥራ ልምዳቸው እኩል የሆኑ ማመልከቻዎች ለጀርመን ቀጣሪዎች ተላኩ። በጀርመን ስም የተላከው በመቶ 18.8 ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ያቺው ሴት የቱርክ ስም ስትይዝ 13.5 ሆነ። የቱርክ ስምና ሂጃብ ሲደመሩ 4.2። ፊቷ አልተለወጠም፣ ልምዷም አልተለወጠም። ሥራዎቹ ግን የጸሐፊና የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ እንጂ የነርስ አልነበሩም፤ ነርስ ደግሞ እዚህ በጣም ይፈለጋል። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደ አንቺ አላመጣውም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ግን ለጀርመኑ ያለ ፎቶ እልካለሁ።

ሽሮ በሚኒያፖሊስ፦ አሜሪካና ካናዳ ክርክር የለውም፤ ፎቶም ዕድሜም ጋብቻም አይገባም። እዚህ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽኑ ራሱ ቀጣሪዎችን "ከአመልካች ፎቶ አትጠይቁ" ይላል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት በኋላ "መልኳን አይታችሁ ጣላችኋት" እንዳይባል ፎቶ ያለበትን ሲቪ ገና ሲያየው ወደ ጎን ያደርገዋል።

የኔ ጉድ ግን ሌላ ነው። ዕድሜዬን አጠፋሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ስድስት ወር ሙሉ አመለከትኩ፣ አንድም አልደወለም። አንዲት ኬንያዊት ጓደኛዬ ሲቪዬን አየችና "ከ1999 እስከ 2007 የት ነበርሽ? ታስረሽ ነበር እንዴ?" አለችኝ። ዲግሪዬን ከጅማ በያዝኩበት ወረቀት እንዳለው 1999 ብዬ ጽፌ፣ የመጀመሪያ ሥራዬን በፈረንጅ 2007 ብዬዋለሁ! የተመረቅኩት ሰኔ 1999 ነው፣ ያም ሰኔ 2007 ማለት ነው። ስምንት ዓመት ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ፣ በዚያ ላይ ስምንት ዓመት ያረጀሁ ሴት ሆኜ ነበር። ዕድሜ ብታጠፊም የምረቃ ዓመቱ ይናገራልና እሱን መጀመሪያ እዪው።

የጅረን ልጅ (ፍራንክፈርት)፦ ይሄ ወርቅ ምክር ነው። የትውልድ ቀንም እንዲሁ። ጥር 1 ቀን 1987 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጥር 9 ቀን 1995 ነው፤ ጀርመን 09.01.1995 ተብሎ ይጻፋል። ያንኑ አሜሪካዊ ቢያየው ወሩን አስቀድሞ መስከረም 1 ብሎ ያነበዋል። ከፓስፖርትሽ ጋር አስተያዪው፤ የማይገጥም ከሆነ ኋላ ቪዛ ላይ ትጨነቂያለሽ።

ጋሽ ቡና (ስቶክሆልም)፦ ልጆቼ፣ ካናዳ የጋብቻ ሁኔታ አትጠይቅም ማለት ስህተት ነው። የእህቴን ልጅ ፎርም እኔው ራሴ ሞልቼላታለሁ፣ ያገባ፣ የፈታ፣ የሞተበት፣ ሁሉም አለ። ለማንኛውም ልጄ፣ ከሄድሽ በኋላ ለእናትሽ መላክ እንዳትረሺ። እኔ 31 ዓመት ልኬአለሁ፤ ዛሬ አዌቱ ዳር ቁጭ ብዬ ቡና የምጠጣበት ጊዜ ነው የጎደለኝ።

ሽሮ በሚኒያፖሊስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የሞሉት የኢሚግሬሽን ፎርም ነው። እሱ ሌላ፣ ለቀጣሪ የሚላከው ወረቀት ሌላ። ፎርሙ ላይ ዕድሜም ጋብቻም ነጥብ አለው፤ እዚያ እውነቱን መሙላት ነው። ቀጣሪ ግን ያንን ፎርም አያየውም።

ማንም (ጅዳ)፦ ይህ ሁሉ ለምን? ለፎቶው ብቻ ሂጃቧን ታውልቅና ለጀርመኑ ትላከው። ከተቀጠረች በኋላ ታደርጋለች።

እናት ሆድ (ዱባይ)፦ አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነው፣ ሌላ ሴት ሆና ልትቀርብ ነው?

ማንም (ጅዳ)፦ እንጀራ ስል ነው እንጂ ሃይማኖቷን ትተው አላልኩም። እናንተ ወረቀታችሁን ጨርሳችሁ ነው የምትፈርዱት።

የጅረን ልጅ (ፍራንክፈርት)፦ ወረቀት ጨርሰን አይደለም። ፎቶ አለመላክ መብቷ ነው፣ ማንንም አታታልልም። ያልሆነችውን ሆና መላክ ግን ሌላ ነው።

ማንም (ጅዳ)፦ "ያላገባች" ብላ ስትጽፍ አላታለለችም? እሱን ለምን ዝም አላችሁት?

የቆጪዋ (ጅማ)፦ እሱን ነበር እኔም የጠየቅሁት። ለጀርመን ያለ ፎቶ፣ ከትውልድ ቀን ጋር፤ ለካናዳ ሁሉንም አውጥቼ፤ የምረቃ ዓመቴንም አስተካክላለሁ፣ እኔም በሐበሻ ነበር የጻፍኩት። የቀረኝ የዱባዩ ነው። ፈት ብዬ ልጻፍ?

እናት ሆድ (ዱባይ)፦ ያላገባች በይ። ልጅ የለሽም አይደል?

ሽሮ በሚኒያፖሊስ፦ ምን ማለትሽ ነው? የፍቺ ወረቀት አላት እኮ! ቪዛው ላይ ሌላ ነገር ቢወጣስ?

እናት ሆድ (ዱባይ)፦ አንቺ ዱባይ ኖረሽ ታውቂያለሽ? ፈት ብላ ጽፋ የተጠራች አንዲት አሳዪኝ።

የጅረን ልጅ (ፍራንክፈርት)፦ መስመሩን ባዶ ብትተወውስ?

እናት ሆድ (ዱባይ)፦ ባዶ ካየ ደውሎ ይጠይቃታል። ያኔ ምን ልትል ነው?

የቆጪዋ (ጅማ)፦ ልጅ አለኝ። አራት ዓመቱ ነው።