ብሩ ተለቀቀ ከተባለ ለእኔ ዶላር ለምን አይሸጥልኝም?

መምህሩ
ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የዶላር ዋጋ ከእንግዲህ በገበያ ይወሰናል ተባለ። እሺ። እኔና ባለቤቴ ያኔ 500 ሺህ ብር ቆጥበን ነበር። በቀደም ባንክ ሄጄ «ግማሹን ዶላር አድርጉና በስሜ አስቀምጡልኝ» ብላት ልጅቷ ሳቀችብኝ። ነጋዴው ሲገዛ ቆጣቢው የማይገዛው ለምንድን ነው? ክልከላው መነሳት የለበትም ትላላችሁ?

የቀድሞ ባንከር
መሳቋ ነውር ነው፤ መልሱን ግን ልንገርህ። የተለቀቀው ዋጋው ብቻ ነው። ባንክ ዛሬም ዶላር የሚሸጠው «ለምን ጉዳይ?» ብሎ ጠይቆ ነው። ዕቃ ለሚያስመጣ ፕሮፎርማ፣ ለመንገደኛ ፓስፖርት ከነቪዛውና ከነትኬቱ፣ ለታካሚ የሐኪም ደብዳቤ ይጠየቃል። «ብሬ እንዳይረክስብኝ» ተብሎ የሚሞላበት ቦታ ፎርሙ ላይ የለም። የዶላር ሒሳብ መክፈት ይቻል ይሆናል፤ ሒሳቡ ውስጥ የሚገባው ዶላር ግን ከውጭ የመጣ እንጂ በብር የተገዛ መሆን የለበትም።

የሾላ ልጅ
ወንድሜ መምህር፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ብሩ ባይለቀቅ ኖሮ ዶላር 57 ብር ከምናምን ነበር። የአንተ 500 ሺህ 8,700 ዶላር ማለት ነው። ከዓመት በኋላ ምንዛሪው ከ130 አለፈ። ወለዱን ደምረህ እንኳ 4,000 ዶላር ገደማ ነው የሚሆንልህ። ግማሹን በአንድ ዓመት በሉት። ዱሮ የነበረው ቁጥጥር ይሻል ነበር።

መምህሩ
እኔም ያመመኝ ይኸው ነው።

የቀድሞ ባንከር
ሒሳቡ ልክ ነው፣ መነሻው ግን ልክ አይደለም። መምህር፣ በ57 ብር አንድ ዶላር ገዝተህ ታውቃለህ? እኔ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ስሠራ በዚያ ዋጋ ያገኘ ሰው እንደ ሎተሪ ዕጣ ነበር የሚያየው። ከመለቀቁ በፊት ጥቁር ገበያው 115 ገደማ ነበር። በዚያ ካሰብነው ገንዘብህ ያኔም 4,300 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ ኪሳራህ ሐምሌ 22 አልጀመረም። ዋናው የደረሰብህ ከዚያ በፊት ነው፣ ቁጥሩ ግን ሰሌዳ ላይ ስላልተጻፈ አላየኸውም።

እውነተኛውን ሌባ ልንገርህ? የቁጠባ ወለድ። ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሲከፈልህ፣ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ዶላር መግዛት ተከልክሎ፣ ወለዱም እንዲህ ዝቅ ሲል ቆጣቢው መሄጃ ያጣል። መንግሥትና ትልልቅ ተበዳሪዎች ደግሞ ርካሽ ብር ያገኛሉ። ክልከላው ሥራው ይህም ጭምር ነው፤ ዶላርን ብቻ አይጠብቅም።

ለሾላው ልጅ ግን አንድ ነገር እሰጠዋለሁ። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት በዱሮው ዋጋ ይገቡ ስለነበር ደሞዝተኛው ከዚያ የተወሰነ ጥቅም ያገኝ ነበር። ሲለቀቅ መንግሥት ድጎማ ያደረገውም ለዚህ ነው።

መለዋወጫ አስመጪ
እኔ ልንገራችሁ፣ ወረፋ የሚባለውን ነገር ያላየ ሰው ነው የዱሮውን የሚናፍቀው። አንድ ባንክ ላይ (ስሙን አልጠራም) ለፍሬን ሸራና ለኩሽኔታ 60 ሺህ ዶላር ጠይቄ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቁጭ ብያለሁ። በየወሩ «ተራህ ደርሷል ሊደርስ ነው» ይሉኛል። ዕቃ አቅራቢዬ ፕሮፎርማውን ሦስት ጊዜ አደሰ፣ በየእድሳቱ ዋጋ ጨመረ። በመጨረሻ አንድ ሰው ሻይ ጋብዞኝ «በአንድ ዶላር ይህን ያህል ብር ጨምር፣ በሳምንት ያልቃል» አለኝ። ጨመርኩ። በሳምንት አለቀ። ደረሰኝ የሌለውን ያን ገንዘብ የከፈለው ማን ይመስላችኋል? ሚኒባሱን የሚጠግን ሹፌር ነው፤ የሹፌሩንም ተሳፋሪው።

ዛሬ ይገኛል። ውድ ነው፣ ግን ይገኛል። የሚያናድደኝ ሰሌዳው ላይ ያለው ዋጋና የምከፍለው ዋጋ አለመገናኘታቸው ነው። ለአቅራቢው የባንክ የክፍያ ዋስትና፣ ማለትም ኤልሲ፣ ሲከፈት አንድ ኮሚሽን፣ የአገልግሎት ክፍያ ሌላ፣ ተደምሮ ዶላሩ ከሰሌዳው በብዙ ይርቃል። ብሔራዊ ባንክ በኋላ ለክፍያው ጣሪያ አበጅቶለታል፣ መጠነኛ ለውጥ አለው።

ሰሊጥ ላኪ
ስለ ነጋዴ ስታወሩ ላኪውን ረሳችሁት። እኛ ነን ዶላሩን የምናመጣው። ከመለቀቁ በፊት የነበረውን በቁጥር ላሳያችሁ፣ ቁጥሩ ለምሳሌ ነው እንጂ አካሄዱ ትክክል ነው።

ሰሊጥ ልኬ 100 ሺህ ዶላር አገኘሁ እንበል። በ2014 በወጣው ደንብ 70 ሺሁ ለብሔራዊ ባንክ፣ 10 ሺሁ ለባንኬ ይሸጣል፣ ለእኔ የሚቀረኝ 20 ሺህ ነው። 80 ሺሁ በ57 ሲመነዘር 4 ሚሊዮን 560 ሺህ ብር ይሰጠኛል። እኔ ግን ሰሊጡን ከሁመራና ከመተማ ገበያ ሰብስቤ፣ አበጥሬ፣ ጆንያና ትራንስፖርት ከፍዬ፣ ጅቡቲ እስኪደርስ 6 ሚሊዮን 800 ሺህ አውጥቻለሁ። 2 ሚሊዮን 240 ሺህ ብር ጎደለኝ። ይህን ጉድለት እጄ ላይ በቀረው 20 ሺህ ዶላር አካፍሉት፤ አንዷ ዶላር 112 ብር ሆነችብኝ።

እንግዲህ በኪሳራ ሰሊጥ የሚልክ እብድ አለ? አለ፤ 20 ሺሁን ይዞ ጎማ ወይም ሴራሚክ የሚያስመጣ። ኪሳራውን ከጎማው ላይ ያነሳዋል። በዚያን ጊዜ ሰሊጥ አገር ውስጥ ከቻይና ገበያ ይልቅ የሚወደደው ለዚህ ነበር። ላኪነት ዶላር ማግኛ ሆነ እንጂ ንግድ አልነበረም። እኔን የመሰለ ማስመጫ ፈቃድ የሌለው ንጹሕ ላኪ ሜዳው ላይ ቀረ።

የሾላ ልጅ
ስለዚህ አሁን ያ ጨዋታ ቀረ?

ሰሊጥ ላኪ
ጠበበ። ብሩ ሲለቀቅ በ2016 በወጣው ደንብ ግማሹን እኔ አስቀራለሁ፣ ግማሹን ለባንክ የምሸጠውም በቀኑ ዋጋ ነው። ጥቁር ገበያው ከባንኩ ሲርቅ ግን ያው ልማድ ይመለሳል።

የሪያድ እህት
ይቅርታ፣ እኔ የማውቀው የራሴን ብቻ ነው። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ለእናቴ ባንክ ከላክሁ አንድ ዋጋ፣ ሐዋላ ለሚሠራው ሰው ሪያሉን ከሰጠሁት ሌላ ዋጋ። ዱሮ እጥፍ ነበር ማለት ይቻላል፤ አሁን ልዩነቱ ቀንሷል ግን አለ። ሪያሉን ማታ ለሰውየው እሰጣለሁ፣ ሳልተኛ እናቴ ትደውላለች፤ አንድ ልጅ በር ድረስ መጥቶ ብሩን ቆጥሮ ሰጥቷታል። ባንክ በሄድኩ ቀን ግን እናቴ ከደሴ ዙሪያ ከተማ ድረስ መምጣት አለባት። ሰው «አገርሽን ጎዳሽ» ይለኛል። እውነት ጎድቻለሁ?

የቀድሞ ባንከር
እህቴ፣ ያንቺ ሪያል ወዴት እንደሚሄድ ካወቅሽው የሚወቀሰው ማን እንደሆነ ይገባሻል። ሪያሉ አገር ቤት አይመጣም። ዱባይ ወይም ቻይና ጓንዡ ላለ አቅራቢ ይከፈላል። እዚህ ያለው አስመጪ 100 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያስመጣና ለጉምሩክ የ40 ሺህ ኢንቮይስ ያቀርባል። 40 ሺሁ በባንክ፣ 60 ሺሁ በእናንተ ሪያል። በዚያውም ቀረጡ ይቀንስለታል። እናትሽ በር ላይ የተቆጠረው ብር የእሱ ነው።

እንዲህ ያለ አስመጪ ደግሞ የባንኩ ዋጋ ከጥቁር ገበያው ጋር ቢተካከል እንኳ ሐዋላን አይተውም፤ ቀረጥ መሸሽ ስላለበት። «ዋጋው ከተለቀቀ ጥቁር ገበያ ይጠፋል» የሚሉት የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

ሜሪላንድ
እኔ ከዚህ በዲያስፖራ አካውንት ዶላር አስቀምጣለሁ፣ ማንም አልከለከለኝም። መምህሩ ለምን ዲያስፖራ አካውንት አይከፍትም?

መምህሩ
ወንድሜ፣ እኔ ዲያስፖራ አይደለሁም። ደብረ ብርሃን ነኝ።

መለዋወጫ አስመጪ
😄 ወደ ጥያቄው እንመለስ። እኔ ይነሳ ባይ ነኝ። ቢያንስ ለአንድ ሰው በወር ትንሽ ይፈቀድ፣ 100 ዶላርም ቢሆን። ሰው ጥቁር ገበያ የሚሄደው በር ስለተዘጋበት ነው።

የቀድሞ ባንከር
አርጀንቲና ሞክራዋለች። ከ2019 ጀምሮ በፈረንጆቹ ለአንድ ሰው በወር 200 ዶላር ፈቀዱ። የባንኩ ዋጋ ከጎዳናው ስለሚረክስ የማያስፈልገው ሰው ሁሉ 200ውን ገዝቶ ጎዳና ላይ መሸጥ ጀመረ። ቀጥሎ ግብር ጫኑበት፣ ቀጥሎ የመንግሥት ድጎማ የሚያገኙ ሰዎች እንዳይገዙ ከለከሉ። ገደቡ ለግለሰብ የተነሳው በፈረንጆቹ 2025 ነው። ገደብ አድርገህ ስትፈቅድ ዋጋው እውነተኛ ካልሆነ ኮታው ራሱ ሸቀጥ ይሆናል።

የእኛን ደግሞ አስበው። ሲለቀቅ የብሔራዊ ባንክ ክምችት የአንድ ወር ገቢ ዕቃ እንኳ አይሸፍንም ነበር። ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብሎ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳይከፈል ቀርቷል። በዚያ ሰዓት ቆጣቢው ሁሉ ዶላር ይግዛ ቢባል መጀመሪያ የሚደርሰው መምህሩ አይደለም፤ ባለ መቶ ሚሊዮኑ ነው። መምህሩ ማመልከቻ ጽፎ ሳይጨርስ መድኃኒት የሚያስመጣው ተሰልፎ ይቀራል።

መለዋወጫ አስመጪ
ባለ መቶ ሚሊዮኑ እኮ ዶላሩን ድሮ ዱባይ አስቀምጦታል! ኢንቮይስ ከፍ ዝቅ እያደረገ። ክልከላው የያዘው ሸሽቶ መሄድ የማይችለውን ብቻ ነው። ደሞዝተኛውን።

የቀድሞ ባንከር
እዚህ ላይ መልስ የለኝም። እውነት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በላይ ይሁን እላለሁ። ብር አስቀምጦ የማይከስር ሰው ዶላር አይናፍቅም። የዶላር ሒሳብ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ሊባኖስ በፈረንጆቹ 2019 አሳይታለች፤ ሰው በስሙ ዶላር ነበረው፣ ባንኩ ግን አላወጣለትም።

ሰሊጥ ላኪ
የቁጠባ ወለዱ 15 በመቶ ሆነ እንበል፣ እኔ የምበደረው በስንት ነው? ያንንም ጻፈው።

የቀድሞ ባንከር
በ20ዎቹ። አዎ፣ ያማል።

መምህሩ
እሺ፣ ሁላችሁንም ሰማሁ። ዶላሩ ለእኔ እንደማይሆን ገባኝ። ባለቤቴ ከዱሮም «ብረትና ቆርቆሮ እንግዛና ግቢ እናስቀምጥ» ትላለች። ጎረቤታችን ቦታ ሳይኖረው በ2014 የገዛው 12 ቁጥር ብረት ሸራ ለብሶ ተቀምጧል፤ ዝናብ በነካው ቁጥር እየዛገ፣ ዋጋው ግን እየወጣ። ያንን ላድርግ?

መለዋወጫ አስመጪ
12 ቁጥሩን ግዛ። ግን ከመሬት አንሳው፣ እንጨት ላይ ደርድረው።

የቀድሞ ባንከር
ሁሉም ብረት ገዝቶ ግቢው ውስጥ ቢያስቀምጥ የሚገነባ ሰው ብረት ከየት ያመጣል? ይህንንም ተከራከሩበት። እኔ ደክሞኛል፣ ነገ እመለሳለሁ።